60 ወር ሳይነካ የተቀመጠ ገንዘብ ስንት ይሆናል? ወርሃዊ የወለድ ወለድን ደረጃ በደረጃ ማስላት

አክስቴ 60,000 ብር ቁጠባ ሂሳብ ውስጥ ልታስገባ ስትል «አምስት ዓመት ባልነካው ስንት ይሆንልኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ወለዱ በዓመት 7 በመቶ ነው። በየወሩ ይታሰብና እዚያው ሂሳቡ ላይ ይደመራል። ስልኬን አውጥቼ ነካ ነካ አደረግኩና «85,907» አልኳት። ወረቀት ላይ ጻፈችው።

አምስት ዓመቱ ሞላ። ሂሳቡ ላይ ያለው 85,057 ብር ከምናምን ሳንቲም ነው። ወረቀቷን ይዛ መጣች። «አንተ፣ 850 ብሬ የት ገባ?»

ባንኩ አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ያውም በአንዲት ቁጥር። የቷ እንደሆነች ቦታው ላይ ስንደርስ አሳያችኋለሁ። እስከዚያው ይህንኑ የአክስቴን ሂሳብ ይዘን ከመጀመሪያው እንሂድ።

መጀመሪያ ሦስት ወር በእጅ

ቀመር ከማየታችሁ በፊት ሦስት ወር በእጃችሁ አስሉ። ይህን ያደረገ ሰው ቀመሩን ቢረሳውም መልሶ ያገኘዋል።

በዓመት 7 በመቶ ማለት በየወሩ 7 በመቶ ማለት አይደለም። የዓመቱ ለ12 ይከፈላል። የ60,000 ብር 7 በመቶ 4,200 ብር ነው። ለ12 ሲካፈል 350 ብር ይመጣል። የመጀመሪያው ወር ወለድ ይኼ ነው። ወሩ ሲያልቅ ሂሳቡ ላይ 60,350 ብር ይኖራል።

ሁለተኛው ወር ላይ ነገሩ ይለወጣል። አሁን ወለድ የሚታሰበው በ60,000 ሳይሆን በ60,350 ላይ ነው። የ60,350 ብር 7 በመቶ ለ12 ሲካፈል 352.04 ብር ይሆናል። ባለፈው ወር ከመጣው በ2 ብር ከ4 ሳንቲም ይበልጣል። ይህቺ 2 ብር ከየት መጣች? ካለፈው ወር 350 ብር። ወለዱ ራሱ ወለደ ማለት ነው። ሂሳቡ 60,702.04 ደረሰ።

ሦስተኛው ወር ላይ 354.10 ብር ይጨመርና 61,056.14 ይሆናል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በየወሩ የምናደርገው ነገር አንድ ዓይነት ነው። ያለውን ገንዘብ በዚያው ቁጥር እናባዛለን። ቁጥሩ 1 ሲደመር የወሩ ወለድ ነው። 1 ያለው ገንዘብ እንዳለ እንዲቆይ፣ ትርፉ ክፍልፋይ ደግሞ ወለዱ እንዲጨመር። ይህን ቁጥር «የወር ማባዣ» ልበለው። በአክስቴ ሂሳብ የወር ማባዣው እንዲህ ነው፦

```
1 + 0.07/12 = 1.00583333...
```

60,000ን በዚህ ቁጥር 60 ጊዜ ብታባዙት ሥራው አለቀ። ቀሪው ሁሉ ይህን ማባዛት ሳይሳሳቱ የማሳጠር ጉዳይ ነው።

ከማስላት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አራት ነገር ያስፈልጋችኋል፦ ያስገባችሁት ገንዘብ፣ የዓመቱ ወለድ፣ ወለዱ በዓመት ስንት ጊዜ ሂሳቡ ላይ እንደሚደመር፣ እና የቆይታው ጊዜ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው አያስቸግሩም። መሐል ያሉት ሁለቱ ግን ያጭበረብራሉ።

«ወለድ በየወሩ ይታሰባል» እና «ወለድ በየወሩ ይደመራል» ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። በየወሩ አስቦ ለብቻ መዝግቦ ይዞ፣ ዓመቱ ሲያልቅ በአንዴ የሚደምር ሂሳብ አለ። እንዲህ ያለው ሂሳብ ላይ ወለዱ ዓመቱን ሙሉ ወለድ አይወልድም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «መቼ ይታሰባል?» ሳይሆን «መቼ ዋናው ላይ ይገባል?» ነው። ገቢ የሚሆንበት ቀን ነው ሂሳቡን የሚወስነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ 7 በመቶዋ ራሷ ነው። ለ12 የምትከፈል 7 ናት? ወይስ የዓመቱ ወለድ ወለድ ሁሉ ከተቆጠረ በኋላ የተገኘች 7? አንዳንድ ቦታ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ሁለተኛው ነው፤ «ዓመታዊ ውጤታማ ተመን» ወይም ይህን የመሰለ ስም ይሰጡታል። ለ12 የምትከፈለው 7 በመቶ በዓመቱ መጨረሻ 7.23 በመቶ ያህል ሆና ነው የምትገኘው። ውጤታማ የተባለችው 7 ግን ዓመቱ ሲያልቅ 7 ብቻ ናት፤ እሷን ለ12 ማካፈል ስህተት ነው። በአክስቴ ገንዘብ ላይ በአምስት ዓመት የሚያመጣው ልዩነት ከ900 ብር ትንሽ ይበልጣል። ውሉ ላይ ግልጽ ካልሆነ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «60,000 ብር ባስገባ የመጀመሪያው ወር ወለድ ስንት ነው?» 350 ገደማ ካሏችሁ ለ12 የምትከፈለው ናት። 339 ገደማ ካሏችሁ ሌላኛዋ ናት።

የአክስቴ ሂሳብ ለ12 የምትከፈለው ነበር፤ በየወሩም ዋናው ላይ ይገባ ነበር።

850 ብር የጠፋባት ቦታ

አሁን ወደ ስህተቴ። 0.07ን ለ12 አካፈልኩ። ስልኩ 0.00583333 አለኝ። ረጅም ነው፣ ለመያዝ አይመችም። «ወደ 0.006 ይጠጋል» ብዬ አጠጋጋሁት። ከዚያ 1.006ን 60 ጊዜ አባዛሁ።

ልዩነቷን ስታዩዋት ምንም አይደለችም። 0.006 ከ0.00583 የሚበልጠው በኢምንት ነው። ግን 0.006ን መልሳችሁ በ12 አባዙት፤ 0.072 ይመጣል። ሳላውቀው ለአክስቴ 7.2 በመቶ የሚከፍል ባንክ ፈጥሬላት ነበር። ያቺ ስህተት ደግሞ አንዴ ብቻ አልገባችም፤ 60 ጊዜ ተደጋግማ ተባዛች። ውጤቱ እነሆ፦

```
60000 × 1.006^60        = 85,907.30
60000 × (1+0.07/12)^60  = 85,057.52
```

850 ብሯ የገባችው እዚህ ነው። ድሮም አልነበረችም።

በሌላ አቅጣጫ ቢሆንስ? ጠንቀቅ ብዬ 0.0058 ላይ ብቆርጠው 84,888 ብር ገደማ ይመጣል። ይኼ ደግሞ ወደ 169 ብር ይጎድላል። አራት አሃዝ ከነጥብ በኋላ ይዞም ይህን ያህል መሳት አለ።

ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው። መሐል ላይ አታጠጋጉ። ማካፈሉን እዚያው ቀመሩ ውስጥ ተዉት፣ ማሽኑ ራሱ ይያዘው። ማጠጋጋት ካለባችሁ መጨረሻ ላይ፣ ሳንቲም ላይ ስትደርሱ ብቻ አድርጉት። በእጅ የምትሠሩ ከሆነ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ ስምንት አሃዝ ያዙ።

ማስላቱ ራሱ

ወራቱን ቁጠሩ። አምስት ዓመት በ12 ሲባዛ 60 ወር። እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ነው የሚሳሳተው፦ ወለዱን ለ12 ያካፍልና ጊዜውን ግን 5 ብሎ ይተወዋል። እንዲህ ካደረገ ገንዘቡ አምስት ወር ብቻ ነው የሚቆይለት። 61,770 ብር አካባቢ መልስ ካገኛችሁ ይህን ነው ያደረጋችሁት። ተቃራኒውም አለ፦ ወለዱን ሳያካፍሉ 60 ጊዜ ማባዛት። ያኔ ወደ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ብር ይመጣል፤ እሱን እንኳ ማንም አያምነውም።

ኤክሴል ወይም ማንኛውም የሠንጠረዥ ፕሮግራም ካላችሁ ይህችን አንድ መስመር ጻፉ፦

```
=60000*(1+7%/12)^(12*5)
```

ቅንፎቹን አትርሱ። በተለይ መጨረሻ ላይ ያለው `(12*5)` ቅንፉ ከጠፋ ፕሮግራሙ መጀመሪያ 12 ጊዜ ያባዛና ውጤቱን በ5 ያባዛዋል። አክስቴ በአንዴ ባለ 321,687 ብር ትሆናለች።

ለዚሁ የተሠራ ተግባርም አለ፦

```
=FV(7%/12, 60, 0, -60000)
```

መሐል ላይ ያለችው 0 «በየወሩ ተጨማሪ አላስገባም» ማለት ናት። 60,000 ላይ የመቀነስ ምልክት ያለው ገንዘቡ ከኪሳችሁ ስለወጣ ነው። ምልክቱን ብትተዉት ቁጥሩ ትክክል ይሆናል፣ ግን ከመቀነስ ምልክት ጋር ይመጣል። እኔ የመጀመሪያዋን እመርጣለሁ፤ ምን እየሆነ እንዳለ ስለሚታይ።

ብዙ ስልኮች ላይ ካልኩሌተሩን ከፍታችሁ ስልኩን ወደ ጎን ስታጋድሙት ተጨማሪ ቁልፎች ይወጣሉ። የምትፈልጉት `xʸ` የሚለውን ነው። መጀመሪያ 0.07 ÷ 12 + 1 ብላችሁ = ንኩ። የመጣውን ሳትሰርዙ `xʸ` ከዚያ 60 ከዚያ = ንኩ። 1.41762526 ካያችሁ ልክ ናችሁ። በ60,000 አባዙት።

ይህ ቁልፍ የሌለው ተራ ካልኩሌተር ብቻ ካለስ? 60 ጊዜ መነካካት አያስፈልግም። የወር ማባዣውን በራሱ አባዙት፣ የሁለት ወር ይሆናል፦ 1.01170069። እንደገና በወር ማባዣው አባዙት፣ የሦስት ወር፦ 1.01760228። የሦስት ወሩን በራሱ አባዙት፣ የስድስት ወር፦ 1.03551440። የስድስቱን በራሱ፣ የዓመት፦ 1.07229008። በአራት ማባዛት አንድ ዓመት አገኘን። ከዚህ በኋላ 60,000ን በዚህ የዓመት ማባዣ አምስት ጊዜ ማባዛት ብቻ ነው። የትኛው ዓመት ላይ ምን እንዳለም በመንገዳችሁ ታያላችሁ፦

| ዓመት | በዓመቱ የገባ ወለድ | በዓመቱ መጨረሻ ያለው |
|---|---|---|
| 1 | 4,337.40 | 64,337.40 |
| 2 | 4,650.96 | 68,988.36 |
| 3 | 4,987.18 | 73,975.54 |
| 4 | 5,347.69 | 79,323.23 |
| 5 | 5,734.29 | 85,057.52 |

የዓመት ማባዣዋ ላይ ያለችው 7.229 በመቶ ናት ቅድም «7.23 ያህል» ያልኳት። ከሌላ ሂሳብ ጋር ስታወዳድሩ የምትወዳደረው እሷ ናት።

25,057 ብሩ ከየት ከየት መጣ?

አክስቴ ቁጥሩን ካመነች በኋላ የጠየቀችው ጥያቄ ከእኔ ስሌት ይሻል ነበር። «በየወሩ መደመሩ ምን ጠቀመኝ? በየዓመቱ ቢደመርስ?»

እንለያየው። ወለዱ ጨርሶ ባይወልድ፣ በየዓመቱ 4,200 ብር ብቻ ቢታሰብላት፣ በአምስት ዓመት 21,000 ብር ታገኝ ነበር። ያገኘችው 25,057.52 ነው። ስለዚህ 4,057.52 ብር የወለድ ወለድ ነው።

አሁን ወለዱ በዓመት አንዴ ብቻ ቢደመር እንበል። 60,000ን በ1.07 አምስት ጊዜ ስናባዛ 84,153.10 ይመጣል። ከዚያ 4,057.52 ብር ውስጥ 3,153.10 የሚሆነው በዓመት አንዴ ቢደመርም ይገኝ ነበር ማለት ነው። ወርሃዊ መሆኑ ያመጣው 904.42 ብር ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ሰው እንደሚያወራለት ትልቅ አይደለም።

በየቀኑስ ቢደመር? ከወርሃዊው ላይ የሚጨምረው 84 ብር ያህል ብቻ ነው፤ በአምስት ዓመት። በየሰዓቱ፣ በየደቂቃው ቢባል ደግሞ ከዚያ በላይ ሦስት ብር እንኳ አይሞላም። ይህን ነገር በ1683 ስዊዘርላንዳዊው የሂሳብ ሊቅ ያኮብ ቤርኑሊ መርምሮታል። ወለድ የሚደመርበት ጊዜ እያጠረ ቢሄድ ገንዘቡ ያለ ልክ ያድጋል ወይ ብሎ ጠየቀ። አያድግም፤ ጣሪያ አለው። ዛሬ የሂሳብ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው 2.718 ብሎ የሚጀምረው ቁጥር የተገኘው ከዚህ የወለድ ጥያቄ ነው።

ለእኛ የሚተርፈው ነገር ይኼ ነው፦ አንዱ ሂሳብ 7 በመቶ በየወሩ፣ ሌላው 7.3 በመቶ በዓመት አንዴ ቢል፣ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው። የዓመት ማባዣቸው 1.0723 እና 1.073 ነው። «በየወሩ» የምትለዋ ቃል አታጓጓችሁ።

ከሂሳብ መግለጫው ጋር ሲነጻጸር ለምን አይገጥምም?

ስሌታችሁ ልክ ሆኖ የባንኩ ወረቀት ሌላ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። የልዩነቱን መልክ ካያችሁ ምክንያቱን ማወቅ አይከብድም።

ልዩነቱ ጥቂት ሳንቲም ከሆነ አታስቡ። ባንኩ በየወሩ ወለዱን ሳንቲም ላይ አጠጋግቶ ነው የሚመዘግበው። እኛ ደግሞ መጨረሻ ላይ ብቻ።

የሚያስገባው ወለድ ከወር ወር ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ቀን እየቆጠረ ነው። ብዙ ሂሳቦች የዓመቱን ወለድ ለ12 አያካፍሉም፤ ለ365 አካፍለው በወሩ ቀናት ያባዛሉ። ያኔ ባለ 31 ቀን ወር በ60,000 ላይ 356.71 ብር ይሰጣል። ቀጣዩ ባለ 28 ቀን ከሆነ 324.11 ብቻ ነው፤ ገንዘቡ አድጎም ወለዱ አነሰ። ይህን ያየ ሰው «ሰረቁኝ» ቢል አይፈረድበትም። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ነገሩ ይተካከላል፤ ከእኛ ስሌት የሚለየው በጣም በትንሹ ነው። ስለዚህ አንድ ወር ብቻ ነጥላችሁ አታወዳድሩ፤ ሙሉ ዓመት አወዳድሩ።

በየወሩ የሚጨመረው እያደገ ነው፣ ግን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ከእናንተ ያነሰ ነው እንበል። ይኼ ግብር ሊሆን ይችላል። ወለድ ላይ ግብር በሚቆረጥበት ቦታ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት መጨረሻ ላይ መቀነስ ነው። ለምሳሌ ግብሩ ከወለዱ 10 በመቶ ቢሆን፣ 25,057.52 ላይ 10 በመቶ ቀንሶ 82,551.77 ብር ይቀረኛል ይላል። አይቀረውም። ግብሩ የሚቆረጠው በየወሩ ወለዱ ሲገባ ከሆነ የተቆረጠው ገንዘብ መልሶ አይወልድም። ትክክለኛው መንገድ ወለዱን ራሱን መቀነስ ነው፦ 7 በመቶ ሲቀነስ አሥር በመቶው 6.3 በመቶ።

```
=60000*(1+6.3%/12)^60
```

82,147.84 ይመጣል። ወደ 404 ብር ያነሰ።

መሐል ላይ የሆነ ነገር ቢፈጠር

አምስት ዓመት ረጅም ነው። ወለዱ ሊለወጥ ይችላል፤ ገንዘቡም ሊያስፈልግ ይችላል።

ወለዱ ከተለወጠ ሂሳቡን ለሁለት ክፈሉት። ሦስት ዓመት በ7 በመቶ ቆይቶ ቀሪው ሁለት ዓመት በ5 በመቶ ቢሆን፣ ከላይ ካለው ሠንጠረዥ የሦስተኛውን ዓመት መጨረሻ ውሰዱ፤ 73,975.54 ነው። እሱን እንደ አዲስ የገባ ገንዘብ ቁጠሩት፣ 24 ወር በ5 በመቶ አስሉት፦

```
=73975.54*(1+5%/12)^24
```

81,738.63 ብር። ስንት ጊዜ ቢለወጥ ዘዴው ያው ነው፤ የአንዱ መጨረሻ የሌላው መጀመሪያ ይሆናል።

ገንዘብ ካወጣችሁ ደግሞ እኔ የምወደው አቋራጭ አለ። አክስቴ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 5,000 ብር አውጥታ ቢሆን ኖሮ መጨረሻ ላይ የሚጎድላት 5,000 አይደለም። ያ 5,000 ብር ሂሳቡ ውስጥ ቢቀር በቀሪው 36 ወር ይወልድ የነበረውንም ይዞ ነው የሚወጣው። የሦስት ዓመት ማባዣ 1.23292559 ነው። 5,000 በዚህ ሲባዛ 6,164.63 ብር። ይህን ከ85,057.52 ላይ ቀንሱ፤ 78,892.89 ይቀራል። ሠንጠረዡን እንደገና መሥራት አያስፈልግም። የወጣው ገንዘብ የራሱ ትንሽ ሂሳብ እንዳለው አድርጎ ማሰብ ይበቃል።

ይኼ የሚሠራው ግን ያወጣችሁት ወለዱ በገባበት ቀን ከሆነ ነው። ወሩ መሐል ላይ ካወጣችሁ እንደ ሂሳቡ ደንብ ይለያያል። አንዳንዱ በወሩ ውስጥ በነበረው ዝቅተኛ ቀሪ ሂሳብ ላይ ብቻ ነው ወለድ የሚያስበው። በዚህ ደንብ በወሩ 29ኛ ቀን ብታወጡም ያወጣችሁት ብር የወሩን ወለድ በሙሉ ያጣል። ከቻላችሁ ወለዱ እስኪገባ ሁለት ቀን ታገሱ። ቀን እየቆጠረ በሚያስበው ሂሳብ ላይ ግን የሁለት ቀን ብቻ ነው የሚቀርባችሁ።

እጥፍ የሚሆነው መቼ ነው?

አክስቴ ገንዘቡን አላወጣችም። «እንደዚሁ ብተወው መቼ ነው 120,000 የሚሆነው?» አለችኝ።

72ን ለወለዱ ማካፈል የሚባል የቆየ የግምት ዘዴ አለ። 72 ለ7 ሲካፈል 10.3 ዓመት ገደማ ይሰጣል። በዓመት አንዴ ለሚደመር ወለድ ጥሩ ግምት ነው። በየወሩ ሲደመር ግን ትንሽ ይፈጥናል፤ እንዲህ ላለው 70ን ማካፈል ይሻላል። 70 ለ7፣ አሥር ዓመት።

«ገደማ አልፈልግም» አለች። 850 ብሯን አልረሳችም።

ስለዚህ ቁጭ ብለን ሠራነው። የአምስት ዓመቱ ማባዣ 1.41762526 ነው። አሥር ዓመት ማለት እሱን በራሱ ማባዛት ነው፦ 2.00966138። በ60,000 ሲባዛ 120,579.68 ብር። እጥፉን አልፏል። አንድ ወር ወደ ኋላ እንመለስ ብለን ለወር ማባዣው አካፈልነው፤ 119ኛው ወር ላይ 119,880.38 ነው። ገና አልሞላም። እጥፍ የሚሆነው በ120ኛው ወር ነው። በዚያ ወር ብቻ የሚገባው ወለድ 699.30 ብር ነው፤ የመጀመሪያው ወር 350 ነበር።

አክስቴ ያቺኑ አሮጌ ወረቀት ገልብጣ ጀርባዋ ላይ ጻፈችው። ከጎኑ ስሜን ጨመረችበት፣ ከቀኑ ጋር።